ሃያ ዘጠኝ ከስልሳ

አከራዬን ስታትስቲክስ አስተምሬአለሁ። ይህን ስናገር ሰው መጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎ «ታዲያ ኪራይ አይቀንሱልሽም?» ይለኛል። አይቀንሱም። ጋሽ ተክሌ በተባለው ነገር ላይ አንድ የማይጨምሩ፣ አንድም የማይቀንሱ ሰው ናቸው። ጉዱ ሁሉ የመጣውም ከዚሁ ነው።

ሙሉ ስማቸው ተክለጊዮርጊስ ነው። አባታቸው በጸሐፊነት ተመድበው ከጎጃም መጡና እዚሁ ሆሳዕና ቀሩ። ልጃቸው ጋሽ ተክሌ ደግሞ ጸሐፊነቱን አሳድገው በአንድ ጽሕፈት ቤት የዕቅድና ክትትል ቡድን መሪ ሆኑ። ሥራቸው ዕቅድ ማውጣት፣ ከዚያ ዕቅዱ መሳካቱን መጻፍ ነው። በሁለቱ መካከል ምን እንደሚሠራ ጠይቄአቸው አላውቅም። ተከራይ ነኝ፤ አፌን መጠበቅ አለብኝ።

ነገር ግን ሃይማኖታቸውን አውቀዋለሁ። ከዕቅድ በታች መሥራት ኃጢአት ነው፤ ከዕቅድ በላይ መሥራት ደግሞ የባሰ ኃጢአት ነው። «መቶ ሃያ በመቶ አሳካሁ ያለ ሰው» ይሉኝ ነበር ግቢው ውስጥ ውሃ ተራ ስንጠብቅ፣ «በሚቀጥለው ዓመት መቶ ሃያው ዕቅድ ሆኖ ይመጣበታል። ሞኝ! መቶ ከመቶ። አበቃ።» ሚስታቸው እትዬ ማርያማዊት ከኩሽና በር ላይ ሆነው ይስቃሉ። «ልጅም ሲወለድ እንዲሁ ነው፤ ሦስት አቀደ፣ ሦስት ወለድን፣ ሱቁ ተዘጋ!»

እኔ ጵርስቅላ እባላለሁ፤ የዱራሜ ልጅ ነኝ። ከእነ ጋሽ ተክሌ ቤት ጀርባ ካሉት ሰርቪሶች በአንዱ እኖራለሁ፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ በአንድ የግል ኮሌጅ አስተምራለሁ። የቅዳሜና እሁድ ተማሪ ማለት በሳምንቱ አምስት ቀን አለቃ ሆኖ ሰንብቶ፣ በስድስተኛው ቀን «ሚስ፣ ይቺን አታጥብቂብን» እያለ የሚለምን ሰው ነው። አንድ ቀን በሩን ከፍቼ ስገባ ጋሽ ተክሌ የመጀመሪያው ወንበር ላይ፣ ሱፋቸውን ለብሰው፣ አዲስ ደብተር ዘርግተው ተቀምጠዋል። ኖቱን አስቀምጬ ወደ ቤቴ መሄድ አማረኝ።

የመጡበት ምክንያት ቀልድ አልነበረም። መሥሪያ ቤታቸው ድልድል ሊያደርግ ነው፤ በአዲሱ መዋቅር ቡድን መሪ የሚሆነው ዲግሪ ያለው ብቻ ነው ተብሏል። ጋሽ ተክሌ ያላቸው የድሮ ዲፕሎማ ነው። ለዲግሪው የቀራቸው ያ የመጨረሻ ሴሚስተር ነበር፤ ከኮርሶቹ ውስጥ ደግሞ የሚያስፈራቸው የእኔ ብቻ። በእኔ ኮርስ ከወደቁ የድጋሚ ፈተናው የሚሰጠው ጥቅምት ላይ ነው፤ ድልድሉ ግን ሐምሌ ላይ ያልቃል። ስለዚህ ሰኔ ላይ ማለፍ አለባቸው። ካላለፉ ሃያ ዓመት የተቀመጡበት ወንበር ለሌላ ሰው ይሰጣል።

ቤት ውስጥ «አንቺ ጵርስቅላ» ይሉኛል። የኮሌጁን በር ሲያልፉ «መምህርት» ይሉና አንቱ ይሉኛል። እኔም ቤት ውስጥ ጋሽ ተክሌ፣ ክፍል ውስጥ አቶ ተክለጊዮርጊስ እላቸዋለሁ። በሁለቱ በሮች መካከል፣ አንድ ባጃጅ ላይ ተሳፍረን ስንሄድ፣ ምን እንደምንባባል ግራ ስለሚገባን ዝም ብለን እንሄዳለን።

የኮሌጁ ሥርዓት አርባ ለስልሳ ነው። አርባው ተከታታይ ምዘና ነው፤ ሴሚስተሩን ሙሉ በጥቂት በጥቂቱ ይሰበሰባል። ስልሳው የመጨረሻው ፈተና ነው። ሁለቱ ተደምረው ሃምሳ ከሞሉ ተማሪው አለፈ። የእኔ አርባ ደግሞ እንዲህ ይከፋፈላል፦ ኩዊዝ አምስት፣ የግል አሳይመንት አምስት፣ ግሩፕ አሳይመንት አሥር፣ ሚድ ሃያ። ፋይናሉ ከመድረሱ በፊት የእያንዳንዱን ሰው ውጤት ሰሌዳ ላይ እለጥፋለሁ፣ ተማሪው አይቶ ይፈርማል። ከተፈረመ በኋላ አርባው አለቀለት፤ ማንም አይጨምርበትም፣ ማንም አይቀንስበትም።

ጋሽ ተክሌ ኩዊዙን ሁለት፣ የግሉን አራት፣ ሚዱን ስድስት አመጡ። የሚዱ ቀን ስብሰባ ይዟቸው የደረሱት ሰው ወረቀት ሊያስረክብ ሲል ነው። ያዳናቸው ግሩፕ አሳይመንቱ ነው፤ ዘጠኝ ከአሥር። እሱን የሠራው ፍፁም ነው። ፍፁም የዚሁ አካባቢ፣ የሀቢቾ ልጅ ነው፤ በሥራ ቀን የጋሽ ተክሌ ቡድን ውስጥ ባለሙያ፣ ቅዳሜ ደግሞ የክፍል ጓደኛቸው። በአሳይመንቱ ላይ የስድስት ሰው ስም ተጽፏል። የጋሽ ተክሌ አስተዋጽኦ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስደው ማስጠረዝ ነበር፤ እውነት ለመናገር ጥረዛው ያምራል። ሁሉም ሲደመር ሃያ አንድ ሆነ። አይተው፣ መነጽራቸውን አውልቀው፣ እንደገና አይተው ፈረሙ።

የዚያን ዕለት ግቢ ውስጥ ጀሪካን ይዤ ቆሜ ሳለ መጡ።

«አንቺ ጵርስቅላ፣ ሃያ አንድ ነው ያልሽኝ?»

«እኔ ምን አልኩ? እርስዎ ነዎት ያመጡት።»

«እሺ ይሁን። ማለፊያው ሃምሳ ነው አይደል? ስለዚህ ከፋይናሉ ስንት ነው የሚጠበቅብኝ?»

«ሃምሳ ሲቀነስ ሃያ አንድ፣ ሃያ ዘጠኝ። ከስልሳው ሃያ ዘጠኝ።»

እንዲህ ያለ ፊት አይቼ አላውቅም። ሰውየው ሴሚስተሩን ሙሉ በጭጋግ ውስጥ ሲሄዱ ከርመው ድንገት የሚያውቁት ሰፈር የደረሱ መሰሉ። ቁጥር ተሰጣቸዋ! ለካ ሲያስጨንቃቸው የኖረው ስታትስቲክሱ ሳይሆን ዕቅድ የሌለው መሆኑ ነበር። «ሃያ ዘጠኝ» አሉ፣ ቃሉን እያጣጣሙ። «ግማሽ እንኳ አይሞላም!»

እትዬ ማርያማዊት ከኩሽና ወጡ። «ስንት ነው ያለችህ? ሃያ ዘጠኝ? በዓለ ወልድ እኮ ነው! ባለቤቱ ራሱ ገባበት!» ብለው እልል አሉ። በማግስቱ ግቢው ሁሉ ቁጥሩን ያውቀዋል። ጎረቤት ያውቀዋል። የባጃጁ ሹፌር ሳይቀር «ጋሼ፣ ሃያ ዘጠኟ እንዴት ናት?» እያለ ይጠይቃቸው ጀመር። እትዬ ማርያማዊትም ባላቸው ፈተናውን ካለፉ በወሩ በሃያ ዘጠኝ ቀን ለቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ ሊያስገቡ ተሳሉ። እኔ ካቶሊክ ነኝ፣ በስለት ጉዳይ አልገባም፤ ግን ስለቱ የተሳለው በእኔ እስክሪፕቶ ላይ ነበር።

ከፋይናሉ በፊት ባለው ቅዳሜ ክለሳ አደረግን። ክብደት ያለው አማካይ የሚባለውን ስናይ የራሳችንን አርባ ለስልሳ ምሳሌ አደረግሁት። ፍፁም እጁን አወጣ።

«ሚስ፣ ፈተናው ከመቶ ተዘጋጅቶ ወደ ስልሳ ቢቀየርስ? ባለፈው በሌላ ኮርስ አንድ ጓደኛችን ሃያ ዘጠኝ ያስፈልገው ነበር፣ ሠላሳ አምስት አመጣሁ ብሎ ሲጋብዘን ዋለ። ለካ ሠላሳ አምስቱ ከመቶ ነው። ወደ ስልሳ ሲቀየር ሃያ አንድ ሆነና ወደቀ።»

የጋሽ ተክሌ ፊት አመድ መሰለ። «ከመቶ?» አሉ በቀጭን ድምፅ።

የእኔ ፈተና ከስልሳው ቀጥታ እንደሚታረም ነገርኳቸው፤ ማንም አይደንግጥ። ግን ስለተነሣ እንሥራው ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ሃያ ዘጠኝ ለስልሳ ተካፍሎ በመቶ ሲባዛ አርባ ስምንት ነጥብ ሦስት ሦስት ይመጣል። ስለዚህ ፈተናው ከመቶ ቢሆን ኖሮ፣ ግማሽ ነጥብ የማይሰጥበት ከሆነ፣ አርባ ዘጠኝ ማምጣት ይጠበቅ ነበር። ጋሽ ተክሌ ይህን እየደጋገሙ ሠሩት። ከዚያ ተነሥተው ጠመኔውን ከእጄ ወሰዱና ለክፍሉ ሁሉ ያሰሉ ጀመር። «ፍፁም፣ ሠላሳ አራት አለህ? አሥራ ስድስት ይበቃሃል፤ ከመቶ ቢሆን ሃያ ስድስት ነጥብ ስድስት ሰባት። ቀጥል! አሥራ ሁለት? ሠላሳ ስምንት ያስፈልግሻል እህቴ፣ በርቺ። ከአርባ ዜሮ ያለውም ቢሆን ተስፋ አይቁረጥ፤ ሃምሳ ከስልሳ አለ!»

ክፍሉ አጨበጨበ። በዚያች ሰዓት፣ በዚያች አንዲት ጥያቄ፣ በሆሳዕና ከተማ እሳቸውን የሚስተካከል አልነበረም። ደስ አለኝ። ቤት ሄጄ የፈተናውን የመጨረሻ ጥያቄ አወጣሁ፦ «አንድ ተማሪ ከአርባው ሃያ አራት አለው፤ ማለፊያው ሃምሳ ነው። ሀ/ ከስልሳው ስንት ያስፈልገዋል? (2 ነጥብ) ለ/ ፈተናው ከመቶ ቢታረም ይህ ከመቶ ስንት ይሆናል? (3 ነጥብ)።» ክፍሉ ሁሉ የሠራው ነገር ስለሆነ ለማንም አላዳላሁም። ስጽፈው ግን የማን ፊት ይታየኝ እንደነበር እናንተም ታውቃላችሁ።

የፈተናው ቀን ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ገቡ። ለፈተናው የተሰጠውም ጊዜ ሦስት ሰዓት ነው። እኔ ፈታኝ ስላልነበርኩ አንድ የተሳሳተ ፊደል አስተካክዬ ወጣሁና መምህራን ክፍል ተቀመጥኩ። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቼ ሻይ ልጠጣ ወደ በሩ ስሄድ ጋሽ ተክሌ የኮሌጁ ሻይ ቤት ውስጥ እግራቸውን አጣምረው፣ ሻይ በሎሚ ይዘው፣ እንደ ዓመት በዓል ተዝናንተው ተቀምጠዋል።

«ምነው፣ በሰላም ነው?»

«በሰላም ነው እንጂ! አሳካሁ።»

«ምኑን?»

«ሃያ ዘጠኙን ነዋ።» ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ። «እውነት ሐሰት አሥር። ምርጫ አሥራ ሁለት። ሃያ ሁለት ሆነ። ከሠርተህ አሳይ ውስጥ የመጀመሪያው ሰባት ነጥብ ይላል። ሃያ ዘጠኝ። አስረክቤ ወጣሁ።»

የሻይ ቤቷ ልጅ ምን ልታዘዝ ስትለኝ አልሰማኋትም።

«የቀረውንስ?»

«የቀረው ከዕቅድ በላይ ነው።»

«ጋሽ ተክሌ፣» አልኩ፤ የቤቱና የኮሌጁ አጠራር ተደበላለቀብን፣ «ሃያ ዘጠኝ የሚመጣው የሠሩት ሁሉ አንድም ሳይሳሳት ልክ ከሆነ ነው እኮ!»

«ልክ ነው። አንቺ አይደለሽ ያስተማርሽኝ?»

«አንዱን ቢሳሳቱስ?»

ጥያቄውን የሰሙት ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስል አዩኝ። ከየት ይሰሙታል? ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ተሠርቷል» ብለው የጻፉት ነገር ሁሉ ተሠርቷል ተብሎ ነው የታለፈው። ሪፖርታቸውን ቀይ እስክሪፕቶ ይዞ የሚያርም ሰው ገጥሟቸው አያውቅም። «ደግሞ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ሚድ ላይ ስድስት ያመጣ ሰው ፋይናል ላይ ሃምሳ ቢያመጣ ኮረጀ አይሉኝም? የአንቺንም ስም ማስነሣት ነው። ከአንድ ግቢ ነው የምንወጣው።»

ወደ ፈተናው ክፍል ዞሬ አየሁ። ወረቀታቸው ፈታኙ ጠረጴዛ ላይ ነው። የወጣ አይመለስም። ገና ሁለት ሰዓት ይቀረዋል፤ ፍፁም በመስኮቱ በኩል ይታያል፣ አሥራ ስድስት ብቻ የሚያስፈልገው ልጅ አንገቱን ደፍቶ ይጽፋል።

ከሰዓት በኋላ ወረቀቶቹን ይዤ ቤቴ ገባሁ። የእሳቸውን መጨረሻ ላይ አርመዋለሁ ብዬ ከታች ከተትኩት፤ አልቻልኩም፣ መጀመሪያ አወጣሁት። እውነት ሐሰት፦ ዘጠኝ ከአሥር። ሚዲያን የሚባለው የመሃል ቁጥር በአንድ እጅግ ትልቅ ቁጥር ክፉኛ ይዛባል ለሚለው «እውነት» ብለዋል፤ የሚዛባው አማካዩ ነው እንጂ ሚዲያን አይደለም፤ ይህንን ቢያንስ አራት ጊዜ ጮኬ ተናግሬአለሁ። ምርጫ፦ አሥራ አንድ ከአሥራ ሁለት። ሠርተህ አሳይ፦ ሰባት ከሰባት፣ እንዴት ያለ ንጹህ አሠራር። ሃያ ሰባት። በሃያ አንድ ላይ ሲደመር አርባ ስምንት።

ከነኳቸው ሃያ ዘጠኝ ነጥቦች ሃያ ሰባቱን ያገኙ ሰው! እንዲህ በጥንቃቄ የሠራ ተማሪ በክፍሉ አልነበረም። ገጹን ገለበጥኩ። መጨረሻው ገጽ ላይ ያቺ ጥያቄ አለች። ከሥሯ ነጭ ነው። የቀለም ጠብታ እንኳ አልነካትም። የ«ሀ» መልስ ብቻ፣ ሃምሳ ሲቀነስ ሃያ አራት፣ ሁለት ነጥብ ነው። ልክ የጎደላቸው ሁለት።

ተናደድኩ። ከዚያ አዘንኩ፣ ከልቤ አዘንኩ። ከዚያ ደግሞ እንደገና ተናደድኩ። ወረቀቱን ሦስት ጊዜ ከላይ እስከ ታች ፈተሽኩት። ለሰባት ነጥብ ጥያቄ ዘጠኝ መስጠት የሚቻልበት ሕግ ካለ ብዬም አሰብኩ። «እውነት» የሚለውን «ሐሰት» ሊሆን ይችላል ብዬ ወደ መስኮቱ አስጠግቼ አየሁት። ጋሽ ተክሌ ግን ጽሕፈታቸው የታይፕ ያህል ነው፤ የአባታቸው ልጅ ናቸዋ። አርባ ስምንት ብዬ ጻፍኩ።

በማግስቱ እትዬ ማርያማዊት መጡ። እንዴት እንዳወቁ አልጠየቅሁም፤ ፊቴን አይተው ይሆናል። በሁለት እጃቸው አተካና ይዘዋል፣ ቡላው በቅቤ ዋኝቷል። ወሩ የሐዋርያት ጾም ነው። እሳቸው አፋቸው ላይ ጠብታ ሳያደርጉ፣ ጨውና ቅመሙን በግምት አድርገው፣ ለእኔ ለካቶሊኳ ሠርተው አመጡ።

«ልጄ፣ ስንት ጎደለው?»

«ሁለት።»

«ሁለት!» ተቀመጡ። «ሁለት ምን አላት? ከአርባው ላይ ብታደርጊለትስ? ሃያ አንዱን ሃያ ሦስት ብትዪው?»

«እትዬ፣ አይተው ፈርመውበታል።»

«ፊርማ እኮ ይፋቃል። በዚህ አገር ያልተፋቀ ፊርማ አለ እንዴ?»

«ተማሪው ሁሉ ሰሌዳው ላይ አይቶታል። ለእሳቸው ሁለት ከጨመርኩ ነገ መቶ ሰው በራፌ ላይ ቡላ ይዞ ይቆማል።»

አንዱ ክፋቴ እንዲህ ሲጨንቀኝ ይርበኛል። አተካናውን በላሁ፤ ሳይቀመስ እንዲህ የጣፈጠ ምግብ አጋጥሞኝ አያውቅም። ሁለቱን ግን አልሰጠሁም። ሳህኑን አጥቤ ስመልስላቸው እትዬ ማርያማዊት ተቀበሉኝና «ይሁን» አሉ፤ ይሁን ያሉት እንዴት ባለ ድምፅ እንደሆነ ዛሬም አይጠፋኝም።

ሰኞ ዕለት ጋሽ ተክሌ መምህራን ክፍል መጡ። ተማሪ ወረቀቱን የማየት መብት አለው። ሱፋቸውን ለብሰዋል። «መምህርት፣ ወረቀቴን ለማየት ነበር» አሉ፣ ቆመው።

ሰጠኋቸው። እውነት ሐሰቱን አዩ። «ሚዲያን» አሉና ግንባራቸውን መቱ። ምርጫውን አዩ። ሰባቱን ከሰባት ሲያዩ ትንሽ ፈገግ አሉ። ከዚያ ገጹን ገለበጡ።

ጥያቄዋን በከንፈራቸው አነበቧት። እሷ ላይ ሲደርሱ እስክሪፕቶ እንኳ አላስፈለጋቸውም። «ሃያ ስድስት» አሉ ወዲያው። «ከመቶ አርባ ሦስት ነጥብ ሦስት ሦስት።»

«ልክ ነው» አልኩ።

«እዚህ ነበረች?»

«እዚያ ነበረች።»

ረጅም ጊዜ ወረቀቱን ያዙት። የሆነ ነገር እንዲሉኝ ፈለግሁ፤ ቢቆጡኝ፣ ቤቱን ልቀቂ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። «ገጹን አልገለበጥኩትም» አሉ በመጨረሻ። «ሞልቶልኝ ነበርና።» ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጠርዙን አስተካክለው አስቀመጡና ወጡ።

ሐምሌ ላይ ድልድሉ ተለጠፈ። ፍፁም ከስልሳው ሃምሳ ሁለት አምጥቶ ዲግሪውን ይዞ ነበር፤ ቡድን መሪው እሱ ሆነ። ጋሽ ተክሌ ከመስኮቱ አጠገብ ወዳለው የባለሙያ ጠረጴዛ ተዛወሩ። ፍፁም ጨዋ ልጅ ነው፣ አሁንም ሲገቡ ብድግ ይላል። ግን እንደተሾመ የሠራው የመጀመሪያው ሥራ የቡድኑን ዕቅድ ማሳደግ ነው፤ ጋሽ ተክሌ ይህን ለእኔ ሲነግሩኝ የሚያወሩት ስለ ወረርሽኝ ይመስል ነበር። ጃንጥላው ሳይገዛ ቀረ። እትዬ ማርያማዊት «ስለቱ የተሳለው በሰኔው ፈተና ነው፤ ለጥቅምቱ አዲስ ውል ያስፈልጋል» ይላሉ።

ጥቅምት ላይ የድጋሚ ፈተናው ደረሰ። በኮሌጃችን አርባው እንዳለ ይያዛል፤ ደጋሚው የሚቀመጠው ለስልሳው ብቻ ነው። የሚያስፈልጋቸው አሁንም ያው ሃያ ዘጠኝ ነው። የፈተናው ጠዋት ባጃጅ ውስጥ ሹፌሩ «ጋሼ፣ ሃያ ዘጠኟ ዛሬ ናት?» አላቸው። መንገዱን እያዩ ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ፤ ለምዶብናል።

ሦስቱንም ሰዓት ተቀመጡ። ሌሎቹ ደጋሚዎች አንድ በአንድ ወጥተው አለቁ። ፈታኙ ጊዜው አልቋል ሲል ጋሽ ተክሌ «አንድ ደቂቃ» አሉ። ሲደግምላቸውም «አንድ ደቂቃ» አሉ፤ በመጨረሻ ወረቀቱን ከእጃቸው የወሰደው በትግል ነው። ሠላሳ ዓመት በሰዓታቸው ከቢሮ ሲወጡ የኖሩ ሰው ናቸው።

ቤት ሄጄ አረምኩት። ሃምሳ አራት ከስልሳ። ሚዲያኑንም አገኙት። ድምሩ ሰባ አምስት፣ ከማንም የማያንስ ውጤት፤ ለዚያ ወንበር ግን በሦስት ወር የዘገየ።

መጨረሻው ገጽ ላይ እንደገና ያችኑ ዓይነት ጥያቄ አውጥቼ ነበር፤ ተማሪው ከአርባው አሥራ ስምንት አለው፣ ስንት ያስፈልገዋል? «32» ብለው ጽፈዋል። ከመቶ ቢሆን «53.33»። አምስት ከአምስት። ከሥሩ ደግሞ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ በዚያ የታይፕ በሚመስለው ጽሕፈታቸው አንድ መስመር ጨምረዋል፦

«ማሳሰቢያ፦ ተማሪው ስልሳውንም ይሥራ።»

ማሳሰቢያው ነጥብ አልነበረውም። ሁለት ልሰጠው እንዴት እጄን እንደበላኝ የማውቀው እኔ ነኝ።